ዋጋው ንሯል፤ የተሸጠው መጠንስ?

«በአንድ አገር የዕቃዎች ዋጋ በጠቅላላው በ20 በመቶ ከጨመረ፣ ሕዝቡ ለመግዛት የሚያወጣው ገንዘብ ከአገሪቱ የማምረት አቅም በላይ ሆኗል ማለት ነው። እውነት ወይስ ሐሰት?»

የኢኮኖሚክስ ፈተና የተፈተነ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይገጥመው አይቀርም። መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ከጀርባው ያለው ጉዳይ ግን የማዕከላዊ ባንክ ገዥዎችን ዛሬም ያከራክራል። የዋጋ ንረት ሁለት ዋና ምንጮች አሉት። አንዱ ገዢው ከወትሮው የበለጠ ገንዘብ ይዞ ወጥቶ ሻጩ ማቅረብ ከሚችለው በላይ ሲፈልግ የሚመጣው ነው። በክፍል ውስጥ ዲማንድ ፑል ይሉታል፤ እዚህ «ፍላጎት የሳበው ንረት» እንበለው። ሌላው ነዳጅ፣ ስንዴ፣ ማዳበሪያ ወይም የውጭ ምንዛሪ ተወዶ የአምራቹ ወጪ ሲያድግና ወጪውም ወደ መሸጫው ዋጋ ሲተላለፍ የሚመጣው ነው። እሱ ኮስት ፑሽ ይባላል፤ «ወጪ የገፋው ንረት» እንበለው። ለሸማቹ ሁለቱም ያው የኑሮ ውድነት ናቸው። መድኃኒታቸው ግን ይለያያል፤ በተለይ ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ መጨመር አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደረስ።

የላይኛው ዓረፍተ ነገር መልስ ሐሰት ነው። ዋጋ ብቻውን ከየት እንደመጣ አይናገርም። ይህን ለማየት በአንድ ሰፈር ያለ ዳቦ ቤት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ነገሩን ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው።

ዳቦ ቤቱ በቀን ሁለት ኩንታል ዱቄት አቡክቶ 2,000 ዳቦ ይጋግራል፤ አንዱን በ10 ብር ይሸጣል። አንድ ቀን የዱቄት ዋጋ በኩንታል 2,000 ብር ጨመረ። በሁለት ኩንታል 4,000 ብር ማለት ነው፤ ለ2,000 ዳቦ ሲካፈል በእያንዳንዱ ዳቦ ላይ 2 ብር ይደርሳል። ባለቤቱ ዋጋውን 12 ብር አደረገው። የደንበኞቹ ገቢ ግን ያው ስለሆነ ስድስት ዳቦ ይገዛ የነበረው ቤተሰብ አምስት ይገዛል። በሳምንቱ መጨረሻ የቀን ሽያጩ ወደ 1,700 ወርዷል።

አሁን ዱቄቱ አልተወደደም እንበል። ይልቁንስ በአካባቢው ትልቅ ግንባታ ተጀምሮ የቀን ሠራተኛው እጅ ገንዘብ ገብቷል፤ ባንኮችም እንደልብ ያበድራሉ። ዳቦው ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ባለቤቱ ጋጋሪዎቹን የትርፍ ሰዓት እየከፈለ ማታም አሠርቶ 2,200 ዳቦ ያወጣል፤ ከዚያ በላይ ግን ምድጃው አይችልም። ሰልፉም አልቀነሰም። ስለዚህ ዋጋውን 12 ብር አደረገው።

በሁለቱም ታሪክ ዳቦ 12 ብር ነው፤ በሁለቱም ንረቱ 20 በመቶ ነው። ልዩነቱ የተሸጠው ብዛት ላይ ነው፤ በመጀመሪያው 1,700፣ በሁለተኛው 2,200። ለፈተናም ሆነ ለፖሊሲ ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር ይኸው ነው። ዋጋና ምርት አብረው ከወጡ የሳበው ፍላጎት ነው፤ ዋጋ ወጥቶ ምርት ከወረደ የገፋው ወጪ ነው። በአገር ደረጃ ሲታይ የዳቦ ቤቱ 1,700 ወይም 2,200 ቦታውን ለኢኮኖሚ ዕድገት፣ ለሥራ አጥነትና ለፋብሪካዎች የማምረት መጠን ይለቃል። ዋጋ እየናረ ፋብሪካዎች ሠራተኛ የሚቀንሱ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ዋጋ እየናረ አሠሪዎች ሠራተኛ አጣን የሚሉ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ሁኔታ፣ ማለትም ንረትና የሥራ አጥነት ማደግ አብረው የሚመጡበትን፣ ስታግፍሌሽን ይሉታል። ፍላጎት የሳበው ንረት በባሕርዩ ይህን አያመጣም።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ነው። «ፍላጎት የሳበውን ንረት ለማብረድ የወለድ ምጣኔን ማሳደግ ተስማሚ እርምጃ ነው።» እውነት። ማዕከላዊ ባንኩ ለንግድ ባንኮች ገንዘብ የሚሰጥበትን ወለድ ሲጨምር ባንኮቹ ለደንበኞቻቸው የሚያበድሩበት ወለድም ይጨምራል። ቤት ሊሠራ ያሰበው ሰው ለከርሞ ያቆየዋል፣ ነጋዴው የሚያከማቸውን ዕቃ ይቀንሳል፣ ትርፍ ገንዘብ ያለውም ባንክ ማስቀመጡን ይመርጣል። የዳቦ ቤታችን ሽያጭ ከ2,200 ወደ 2,000 ይመለሳል፤ ዋጋውም ወደ 10 ብር ይጠጋል። የቀረው ነገር ጋጋሪዎቹን ሲያደክም የነበረው የሌሊት ሥራ ነው፤ የዳቦ ቤቱ መደበኛ ምርት አልተነካም። ባንኮች በመጠባበቂያነት የሚያስቀምጡትን ገንዘብ ማሳደግ፣ የመንግሥት ሰነድ በመሸጥ ገንዘብ ከገበያ መሰብሰብ፣ ለብድር ዕድገት ጣሪያ ማበጀት፣ ሁሉም በተለያየ በር ገብተው ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

አሁን ብዙ ተማሪ ወደሚወድቅበት እንምጣ። «ወጪ የገፋውን ንረት የወለድ ምጣኔ በመጨመር ማውረድ አይቻልም። እውነት ወይስ ሐሰት?»

«እውነት» ለማለት ይገፋፋል። ወለድ መጨመር ስንዴ አያበቅልም፣ ነዳጅም ከምድር አያወጣም። የጥያቄው ቃል ግን «ተስማሚ አይደለም» ሳይሆን «አይቻልም» ነው፤ ስለዚህ መልሱ ሐሰት ነው። ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ዱቄት ወደ ተወደደበት ዳቦ ቤት እንመለስ። ሽያጩ ቀድሞውኑ 1,700 ደርሷል። በዚህ ላይ ወለድ ሲጨምር የደንበኞቹ አቅም ይበልጥ ይዳከማል። ባለቤቱ ገበያ እንዳያጣ ከትርፉ ቀንሶ በ11 ብር ቢሸጥ እንኳ የሚሸጠው ወደ 1,400 ሊወርድ ይችላል። ዋጋው በአንድ ብር ቀንሷልና «ንረቱ በረደ» ሊባል ይችላል። በምትኩ ግን ከጋጋሪዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ሥራቸውን አጥተዋል፤ ዱቄቱም እንደተወደደ ነው። ባለቤቱ ለምድጃው ተበድሮ ከሆነ ደግሞ የወለዱ ጭማሪ ራሱ ሌላ ወጪ ይሆንበታል።

በፍላጎት ንረት ጊዜ ማዕከላዊ ባንኩ ሁለቱን ግቦቹን፣ የዋጋ መረጋጋትንና የምርትን ጤና፣ በአንድ እርምጃ ያገኛቸዋል። በወጪ ንረት ጊዜ አንዱን ለማትረፍ ሌላውን መጉዳት ግድ ይሆንበታል። የችግሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ስብሰባው ላይ የሌለ ሠራተኛ ነው።

የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ይህን በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ እየወጣ በሐምሌ ወር በበርሜል 147 ዶላር ገደማ ደረሰ። ምግብም በዓለም ገበያ ተወዶ ነበር። በዩሮ ተጠቃሚ አገሮች ንረቱ 4 በመቶ ሲደርስ፣ የባንኩ ግብ ደግሞ ከ2 በመቶ በታች ሆኖ ለእሱ የተጠጋ ነበርና፣ ባንኩ በሐምሌ መጀመሪያ ወለዱን ከ4 ወደ 4.25 በመቶ አሳደገ። ምርቱ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሩብ ዓመት መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ዋጋ ወደ ላይ፣ ምርት ወደ ታች። መስከረም ላይ የአሜሪካው ሌማን ብራዘርስ ሲወድቅ የዓለም ፋይናንስ ተናጋ፤ የነዳጅ ዋጋ ወረደ፤ ባንኩም በጥቅምት ወለዱን መቀነስ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሳሳይ ነገር ተደገመ። የአረብ አገሮች አብዮትና የሊቢያ ጦርነት ነዳጅን አስወደዱት። የባንኩ ፕሬዚዳንት ዣን ክሎድ ትሪሼ ነበሩ። ባንኩ በሚያዝያ ወለዱን ከ1 ወደ 1.25፣ በሐምሌ ወደ 1.5 በመቶ አሳደገ። ግሪክ፣ አየርላንድና ፖርቱጋል በዚያን ጊዜ በዕዳ ቀውስ ውስጥ ነበሩ። ከዩሮ አካባቢ ሠራተኞች አሥር በመቶ ያህሉም ሥራ አጥ ነበሩ፤ ሰልፉ በዳቦ ቤቱ ሳይሆን በሥራ ፈላጊው መዝገብ ላይ ነበር። ማሪዮ ድራጊ በኅዳር መጀመሪያ ባንኩን ሲረከቡ በመጀመሪያው ስብሰባቸው ወለዱን ቀነሱ፤ በታኅሣሥም ደገሙት፤ ሁለቱ ጭማሪዎች በዚህ ተሰረዙ። የዩሮ አካባቢ ሥራ አጥነት ግን እስከ 2013 ድረስ አድጎ 12 በመቶ ደረሰ። ለዚያ ሁሉ ተጠያቂው የወለዱ ጭማሪ ነው ማለት ስህተት ነው፤ የዕዳው ቀውስ ዋናው ምክንያት ነበር። ቢሆንም ለነዳጅ መወደድ በወለድ መልስ መስጠት ምን እንደሚያስከትል ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ትሪሼና ባልደረቦቻቸው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። የፈሩት ነገር ነበር፤ ፍርሃታቸውን ለመረዳት ሌላ ጥያቄ እናንሳ። «የነዳጅ ዋጋ አንድ ጊዜ ጨምሮ እዚያው ላይ ቢቆምና ሌላ ነገር ባይለወጥ፣ የዋጋ ንረቱ በሚቀጥለው ዓመት ይወርዳል።» ይህ እውነት ነው፤ ምንም እንኳ ሸማቹን የሚያናድድ እውነት ቢሆንም። አምና 100 ብር ይፈጅ የነበረው አስቤዛ ዘንድሮ ነዳጅ ተወዶ 112 ብር ቢሆን ንረቱ 12 በመቶ ነው። ከርሞም 112 ብር ከሆነ የከርሞው ንረት ዜሮ ነው። አስቤዛው አልረከሰም፤ ኑሮው አሁንም ከአምናው የከበደ ነው። ንረት የሚለካው ግን የዋጋውን ከፍታ ሳይሆን የሚወጣበትን ፍጥነት ነው። «ንረት ቀነሰ» የሚለው ዜናና የእናቶች ቅርጫት ሳይስማሙ የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ይመስላል፤ ወጪ የገፋው ንረት በራሱ ጊዜ ያልፋልና ማዕከላዊ ባንኩ ሳይነካው ይለፈው። ፈታኞች የሚቀጥለውን ወጥመድ የሚያኖሩት እዚህ ነው። «ማዕከላዊ ባንክ ወጪ ለገፋው ንረት ምንጊዜም ምላሽ መስጠት የለበትም። እውነት ወይስ ሐሰት?» ሐሰት። «ምንጊዜም» የሚለውን ቃል አንድ የታሪክ ምዕራፍ ብቻውን ይሽረዋል፤ እሱም የአሜሪካ የ1970ዎቹ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የአረብ ነዳጅ አምራቾች ለአሜሪካ መሸጥ አቆሙ። በበርሜል 3 ዶላር ገደማ የነበረው ነዳጅ በጥቂት ወራት 12 ዶላር ያህል ሆነ። ወጪ የገፋው ንረት ከዚህ የጠራ መልክ የለውም። በ1974 መጨረሻ የአሜሪካ ንረት ከ12 በመቶ በላይ ወጣ፤ ሥራ አጥነትም አብሮ አደገ። አንድ ጊዜ የመጣ ግፊት ከሆነ ያልፋል በሚለው ሒሳብ መሠረት ንረቱ በ1976 ወደ 5 በመቶ አካባቢ ወረደ። ነገር ግን ወደ ነበረበት አልተመለሰም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ከ2 በመቶ በታች ጋር ሲነጻጸር ይህ ብዙ ነው። ከዚያም እንደገና መውጣት ጀመረ።

ለምን? በመሐል የሰዎች ግምት ተለውጦ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት ደመወዝ ከዋጋ ጋር አብሮ እንዲያድግ የሚያደርግ አንቀጽ በውላቸው ያስገቡ ነበር። ነዳጅ ዋጋን አስወደደ፤ ዋጋ ደመወዝን አስጨመረ፤ የደመወዙ ጭማሪ ነዳጅ ያልነካቸውን ዕቃዎችና አገልግሎቶች አስወደደ፤ ያም ቀጣዩን የደመወዝ ድርድር አሞቀው። የመጀመሪያው ዙር ከውጭ የመጣ ነበር፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ግን ቤት ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው። የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር አርተር በርንስ ንረቱን በአብዛኛው ለነዳጅ፣ ለምግብና ለሠራተኛ ማኅበራት ስለሚሰጡት የገንዘብ ፖሊሲው ሳይጠብቅ ቆየ። ለነገሩ ንረቱ ከነዳጁ በፊትም ተጀምሮ ነበር። ፍላጎት የሳበው ክፍል ከሥር እየነደደ፣ በወጪ የመጣው ክፍል ሽፋን ሆነለት።

የ1979ኙ የኢራን አብዮት ነዳጅን ሁለተኛ ጊዜ ሲያስወድድ ሕዝቡ ንረትን ተለማምዶት ነበር፤ በመጋቢት 1980 ንረቱ 14.8 በመቶ ደረሰ። በነሐሴ 1979 ሊቀ መንበር የሆኑት ፖል ቮልከር ገንዘቡን አጠበቁት፤ ባንኮች ለአንድ ሌሊት የሚበዳደሩበት ወለድ ወደ 20 በመቶ ወጣ። ንረቱ በ1982 መጨረሻ ከ4 በመቶ በታች ወረደ፤ ሥራ አጥነት ግን 10.8 በመቶ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያው ግፊት ሲመጣ የሰዎችን ግምት ማስጠበቅ ያን ሁሉ ሰው ሥራ አያሳጣም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ተስማሚው መልስ ይህን ይመስላል። ማዕከላዊ ባንኩ የመጀመሪያውን ዙር፣ ማለትም የነዳጁን ወይም የስንዴውን ቀጥተኛ ጭማሪ፣ ሊያሳልፈው ይችላል። የሁለተኛውን ዙር ምልክት ግን ነቅቶ መጠበቅ አለበት። ምልክቱን ለማየት መንገድ አለ። ጭማሪው በነዳጅና በትራንስፖርት ተወስኗል ወይስ ከነዳጅ ጋር ግንኙነት የሌለው የፀጉር ቤትና የቤት ኪራይ ዋጋም መውጣት ጀምሯል? ደመወዝ እየተዋዋለ ያለው ያለፈውን ንረት እያሰላ ነው? ነጋዴው የከርሞውን ጭማሪ ዛሬ ዋጋው ላይ እየጨመረ ነው? መልሱ አዎ ከሆነ ግፊቱ ከወጪ ቢጀምርም ወለድ መጨመር ተገቢ ይሆናል። የአውሮፓዎቹ ባለሥልጣናት የፈሩት ይህን ነበር፤ የ2011 ሥራ አጥነት ግን ሠራተኛው ደመወዝ የማስጨመር አቅም እንዳልነበረው በግልጽ ያሳይ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ እዚህ ጥያቄው ይበልጥ ይወሳሰባል። «የብር የምንዛሪ ዋጋ መቀነስ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎችን ስለሚያስወድድ የሚመጣው ንረት ወጪ የገፋው ነው። ስለሆነም ብሔራዊ ባንክ በዚያ ወቅት ገንዘብ ማጥበቁ ስህተት ነው።»

የዚህ ዓይነት ጥያቄ ሁለት አባባል በአንድ ገመድ አስሮ ይመጣል፤ የመጀመሪያው እውነት ስለሆነ ተፈታኙ ሁለተኛውንም አብሮ ይቀበላል። ከሁለቱ አንዱ ከወደቀ መልሱ ሐሰት ነው። እዚህ የሚወድቀው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱን የቅርብ ጊዜው ታሪካችን ያሳያል።

በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከወጪ በኩል ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት፣ ድርቅ፣ በዩክሬን ጦርነት የተወደደ ስንዴ፣ ነዳጅና ማዳበሪያ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ከፍላጎት በኩልም ሌላ እሳት ነበር። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን በከፊል የሚሞላው ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ በመበደር ነበር። ይህ ብድር አዲስ ገንዘብ ወደ ኢኮኖሚው ያስገባል፤ ገንዘቡን የሚያክል ተጨማሪ ጤፍ ወይም ሲሚንቶ ግን አብሮት አይመጣም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ይህን ሁለተኛውን እሳት ለመቀነስ ተነሳ። የባንኮች ብድር በዓመቱ ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አደረገ፤ ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድር ከቀደመው ዓመት በሦስተኛ ገደማ ገደበው፤ ለባንኮች የሚሰጠውን አስቸኳይ ብድር ወለድም ከ16 ወደ 18 በመቶ አሳደገ። በሐምሌ 2016 ደግሞ ወለድን ዋና መሣሪያ ወደሚያደርግ ሥርዓት ተሸጋግሮ የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ ላይ ቆረጠ። ከዚያ ወዲያው፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ።

ወጪን የሚገፋ ነገር ከዚህ በላይ የለም። ብዙ ሰው ንረቱ ወደ ሰማይ ይወጣል ብሎ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ በሐምሌ 2016 18.6 በመቶ የነበረው ዓመታዊ ንረት ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ነበር። ለዚህ አንድ ምክንያት ብቻ የሚሰጥ ሰው እየተሳሳተ ነው። ብዙ አስመጪዎች ዕቃቸውን ቀድሞም የሚተምኑት በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ስለነበር የባንኩ ዋጋ ሲወጣ ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም። መንግሥት ነዳጅን፣ ማዳበሪያን፣ መድኃኒትንና የምግብ ዘይትን ለጊዜው ደጎመ። ገንዘቡ አስቀድሞ መጥበቁ ደግሞ የብሩ መቀነስ ያመጣው ጭማሪ ወደ ሁለተኛ ዙር እንዳይሸጋገር አገዘ። ነጋዴ የዶላሩን ጭማሪ ዋጋው ላይ መለጠፍ ይችላል፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛ ገንዘብ ገበያው ውስጥ ካልገባ ግን በየወሩ መደራረብ አይችልም።

ይህ ሲባል ጉዳት አልነበረም ማለት አይደለም። የብድር ጣሪያው አበዳሪና ተበዳሪ ሳይለይ ይሠራል። የመሥሪያ ገንዘብ የሚያጣ አነስተኛ ፋብሪካ ምርቱን ይቀንሳል፤ ያም አቅርቦትን ያዳክማል። ባንኩ ጣሪያውን ወደ 18 በመቶ ከፍ ማድረጉ ይህን ጫና ለማርገብ ነበር። ወለድም ሆነ ጣሪያ የማይደርስባቸው ነገሮች ደግሞ አሉ። መንገድ ተዘግቶ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ያልመጣን ጤፍ በምንም ወለድ ማምጣት አይቻልም። ያን የሚፈታው ሰላም፣ መንገድ፣ መጋዘንና በጊዜው የደረሰ ማዳበሪያ ነው። ለጤፍ መወደድ ብሔራዊ ባንክን ብቻ ደጋግሞ መውቀስ እውነተኛውን ተጠያቂ ያስመልጣል፤ ይህም ያሳስበኛል።

በመጨረሻ ፈታኞች ሊተዉት ስለሚገባ አንድ ጥያቄ። «የደመወዝ ጭማሪ ወጪ የገፋው ንረት ያመጣል።» መልስ ቁልፉ ብዙ ጊዜ «እውነት» ይላል። ደመወዝ የጨመረው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሆነና ሠራተኛው በሰዓት የሚያመርተው ካልጨመረ የእያንዳንዱ ሸሚዝ ወጪ ያድጋል፤ ያኔ ትክክል ነው። ፋብሪካው አዲስ ማሽን አስገብቶ ሠራተኛው በሰዓት የሚሰፋው ሸሚዝ ከደመወዙ እኩል ካደገ ግን የአንዱ ሸሚዝ ወጪ ንቅንቅ አይልም። ደመወዝ የጨመረለት አስተማሪ ወይም ነርስ ከሆነስ? የመንግሥት አስተማሪ ገበያ የሚያወጣው ሸቀጥ የለውምና ጭማሪው በመጀመሪያ የሚታየው እንደ ገዢ ነው፤ ይኸውም በፍላጎት በኩል። ያውም ገንዘቡ ከግብር የመጣ ከሆነ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው የገባ ነው፤ ጥቅል ፍላጎቱን የሚነካው በጥቂቱ ነው። ከማዕከላዊ ባንክ በተገኘ አዲስ ገንዘብ የተከፈለ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ አዲስ ፍላጎት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ተማሪውን ይመዝነዋል፦ «በማዕከላዊ ባንክ ቀጥታ ብድር የተከፈለ የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ፣ ምርት ባልጨመረበት ሁኔታ፣ የሚያመጣው ንረት በዋናነት ወጪ የገፋው ነው፤ ስለሆነም የወለድ ምጣኔን ማሳደግ አያበርደውም።» ሐሰት፤ ሁለቱም ክፍሎች።